የማቋረጫ ደብዳቤው የቆመበት አንቀጽ

ጥያቄ፦ «የድርጅታችንን የጥገና አገልግሎት ውል ለማቋረጥ ደብዳቤ እያረቀቅሁ ነው። እኔ አንቀጹን ከነቁጥሩ ልጥቀስ ብል ሥራ አስኪያጃችን ‹በውላችን መሠረት ብለሽ እለፊው፤ አንቀጽ ከጠቀስን ተሳስተን ራሳችንን እናስራለን› አሉኝ። የቱ ይሻላል? ከጠቀስሁስ ሳላዛባ እንዴት ልጥቀሰው?»

ምላሽ፦ የሥራ አስኪያጅዎ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። አንቀጽ መጥቀስ በእርግጥ ያስራል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ነገር ግን «በውላችን መሠረት» ብሎ ማለፍም ነጻ አያወጣም። ደብዳቤው በየትኛው አንቀጽ እንደተጻፈ የመወሰኑን ዕድል ለተቀባዩ መስጠት ይሆናል፤ ተቀባዩ ደግሞ ለራሱ የሚበጀውን እንጂ ለእናንተ የሚበጀውን አይመርጥም።

በእጄ ያለፈ አንድ መዝገብ ላንሳ። ተዋዋዮቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። አንድ የሕንጻ ባለቤት ከአንድ የአሳንሰር ጥገና ድርጅት ጋር ሰኔ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ውል ተፈራርሟል። ስለ መቋረጥ የሚናገረው አንቀጽ 12 ሲሆን በውስጡ ሁለት መንገዶች ነበሩ፦

«12.1 ማንኛውም ወገን ምክንያት መግለጽ ሳያስፈልገው የ60 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ በመስጠት ውሉን ማቋረጥ ይችላል። በዚህ መንገድ ያቋረጠው አሠሪው ከሆነ የሦስት ወር የአገልግሎት ክፍያ ለጥገና ሰጪው ይከፍላል።»

«12.2 አንደኛው ወገን መሠረታዊ ግዴታውን ያልፈጸመ እንደሆነና ጉድለቱን የሚገልጽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ጉድለቱን ያላረመ እንደሆነ፣ ሌላው ወገን ውሉን በጽሑፍ ወዲያውኑ ማቋረጥ ይችላል።»

ጥገና ሰጪው በየወሩ ሊያደርግ የሚገባውን ምርመራ ሦስት ወር ሙሉ አላደረገም። ባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ ማስጠንቀቂያውም መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊርማ ደረሰ። መልስ ሲጠፋ መጋቢት 27 ቀን እንዲህ የሚል ደብዳቤ ወጣ፦ «በመካከላችን በተደረገው ውል አንቀጽ 12 መሠረት ውሉ የተቋረጠ መሆኑን እናስታውቃለን።» አጭር ነው፤ ጨዋም ነው። የባለቤቱ ሰዎች ማስጠንቀቂያው ከደረሰ 24 ቀን አልፏል፣ 21 ቀን ሞልቷል ብለው ነበር የላኩት።

የጥገና ሰጪው መልስ በሳምንቱ መጣ፤ ቁጣ የለበትም። «በአንቀጽ 12.1 የሰጡን የማቋረጫ ማስታወቂያ ደርሶናል» ይልና የ60 ቀኑን አገልግሎትና የሦስት ወሩን ክፍያ የሚጠይቅ ደረሰኝ አያይዟል። ባለቤቱ «እኛ ያቋረጥነው እናንተ ግዴታችሁን ስላልተወጣችሁ ነው» ብሎ ጻፈ። ያኔ ሁለተኛው መልስ መጣ፤ የከፋውም እሱ ነበር። ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የተፈረመ ማሻሻያ ቁጥር 1 የሚባል አንድ ገጽ ሰነድ ነበር። በአብዛኛው ስለ ዋጋ ነው የሚናገረው፤ መጨረሻው ላይ ግን «በዋናው ውል አንቀጽ 12.2 ውስጥ 21 የሚለው ቁጥር በ30 ተተክቷል» የሚል አንድ መስመር ተቀምጧል። ማሻሻያው የተቀመጠው በሒሳብ ክፍሉ ፋይል ውስጥ ስለሆነ ደብዳቤውን ያረቀቀው ሰው አላየውም። ስለዚህ በ12.2 ከሄዱ ስድስት ቀን ቸኩለዋል፤ በ12.1 ከሄዱ ይከፍላሉ። ጉዳዩ በድርድር አለቀ፤ ባለቤቱ ከተጠየቀው ግማሽ ያህሉን ከፈለ።

ይህን መዝገብ ያመጣሁት ስለ ሁለተኛው መልስ ብዬ ነው። ሰዎች የአንቀጽ ቁጥር የሚጠቀሰው ለተቀባዩ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ለጸሐፊው ነው እላለሁ። «አንቀጽ 12» ብሎ የጻፈ ሰው ውሉን ሳይከፍት ሊጽፈው ይችላል። «አንቀጽ 12.2 እንዲህ ይላል» ብሎ ቃሉን መገልበጥ የጀመረ ሰው ግን ሰነዱን መክፈት፣ «መሠረታዊ ግዴታ» የሚለው ላይ ቆም ማለት፣ «ከደረሰው ቀን ጀምሮ» የሚለውን ማየት፣ ቀኑን መቁጠር አለበት። እየገለበጠም «ይህ አንቀጽ ተሻሽሎ ይሆን?» ብሎ የመጠየቅ ዕድሉ ይሰፋል። የማቋረጫ አንቀጽ መብት ብቻውን አይሰጥም፤ ሁልጊዜ ቅድመ ሁኔታ ያስከትላል። ቃሉን ሲጠቅሱ ቅድመ ሁኔታዎቹ አንድ በአንድ ፊትዎ ይቆማሉ፤ ያልተሟላው ከደብዳቤው በፊት ይታያል እንጂ ከደረሰኙ በኋላ አይደለም።

አንዳንድ ውሎች ደግሞ ጉዳዩን ለጸሐፊው ምርጫ አይተዉትም። በግንባታ ሥራ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የፊዲክ የውል ቅጽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 እትሙ አሠሪው በሥራ ተቋራጩ ጥፋት ምክንያት ውሉን ለማቋረጥ ያለውን ሐሳብ ሲያሳውቅ ማስታወቂያው በንዑስ አንቀጽ 15.2.1 የተሰጠ መሆኑን ራሱ እንዲገልጽ ያዝዛል። እንዲህ ባለ ውል ውስጥ ቁጥሩን መተው ቅጡን መሳት ነው። የእርስዎ ውልም ስለ ማስታወቂያ የሚናገር አንቀጽ ይኖረዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ «ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች» በሚለው ርዕስ ሥር ተሸሽጎ ይገኛል። ከማቋረጫው አንቀጽ ጋር አብረው ያንብቡት።

አሁን ወደ ሥራ አስኪያጅዎ ፍርሃት። «ተሳስተን ብንጠቅስስ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ዓይነት ስህተት ይዟል፤ መለየት አለባቸው።

የመጀመሪያው የብዕር ስህተት ነው። 12.2 ለማለት 12.3 ተጻፈ እንበል፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው፣ ጉድለቱና የቀኑ ቆጠራ ሁሉ በደብዳቤው ተዘርዝሯል። በእንግሊዝ ሕግ ለዚህ ብዙ የሚጠቀስ ፍርድ አለ፤ ማናይ ኢንቨስትመንት እና ኢግል ስታር የተከራከሩበት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1997 ጉዳይ ነው። ተከራዩ የኪራይ ውሉን ከጊዜው በፊት ለማቋረጥ የነበረው መብት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 1995 ላይ የሚውል ሆኖ ሳለ ማስታወቂያው ላይ ጥር 12 ብሎ ጻፈ። ጉዳዩ ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ፤ ዳኞቹ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ማስታወቂያው ይጸናል አሉ፤ ውሉን የሚያውቅ አስተዋይ ተቀባይ የተከራዩን ሐሳብ ሊስት አይችልምና። እዚያው ፍርድ ላይ ግን ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ሆፍማን አንድ ማሳሰቢያ አኑረዋል፤ ውሉ ማስታወቂያው በሰማያዊ ወረቀት ይሁን ካለ፣ በሮዝ ወረቀት የተላከ ማስታወቂያ ትርጉሙ የቱንም ያህል ግልጽ ቢሆን አያገለግልም። በሌላ አነጋገር የቁጥር ግድፈት በዙሪያው ያለው ዝርዝር ሊያድነው ይችላል፤ ያልተሟላ ቅድመ ሁኔታን ግን የሚያድነው ዝርዝር የለም። ሌሎች አገሮች ከዚህ ሊጠብቁ ወይም ሊላሉ ይችላሉና ውላችሁ በየትኛው ሕግ እንደሚተዳደር አይታችሁ የዚያን ሕግ ጠበቃ ጠይቁ። ልብ ይበሉ፣ በዚያ ጉዳይ ተከራዩን ያዳነው ዝም ማለቱ አይደለም፤ የቀረው ነገር ሁሉ በግልጽ መጻፉ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ቁጥሩ ልክ ሆኖ መንገዱ የተሳሳተ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ ሥራ አስኪያጅዎ እውነት አላቸው። በእንግሊዝ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የተፈረደው የፎንስ ፎር ዩ እና የኢኢ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። የሞባይል አገልግሎት ሰጪው ኢኢ፣ ሻጩ ድርጅት ፎንስ ፎር ዩ በ2014 ከስሮ በአስተዳዳሪዎች እጅ ሲገባ ውሉን አቋረጠ። የማቋረጫው ደብዳቤ የጠቀሰው አንቀጽ 14.1.2ን ነበር፤ ይህም አስተዳዳሪ በመሾሙ ብቻ ማቋረጥን የሚፈቅድ፣ ከጥፋት ጋር የማይያያዝ ድንጋጌ ነው። ኋላ ኢኢ «ሻጩ ውሉን ጥሷል፤ ውሉ በመቋረጡ ያጣሁትን ካሳ ይክፈለኝ» ብሎ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ውሉ የተቋረጠው ጥሰት ስለነበረ ሳይሆን በደብዳቤው በተጠቀሰው መብት ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ ከጥሰት የመነጨ አይደለም ብሎ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «ሌሎች መብቶቻችን እንደተጠበቁ ናቸው» የሚል የተለመደ አረፍተ ነገር ነበረበት፤ አላዳነውም።

ከዚህ የሚወሰደው «አትጥቀሱ» አይደለም። ከመጥቀስ በፊት ምን እንደሚፈልጉ ይወስኑ ነው። ዝም ብሎ መለያየት ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ምክንያት የማይጠይቀው አንቀጽ ከነክፍያው ይበቃችኋል። ካሳ የምትጠይቁ ከሆነ ግን ደብዳቤው በጥሰቱ አንቀጽ ላይ መቆም፣ ጥሰቱንም በስሙ መጥራት አለበት። ሁለቱንም ለመያዝ ሲባል «በአንቀጽ 12.1 እና 12.2 መሠረት» ብሎ መደራረብ ብዙ ሰው የሚወደው ዘዴ ነው፤ እኔ አልወደውም። ከላይ ባለው ውል እንዲያ ብትጽፉ የሦስት ወሩን ክፍያ ራሳችሁ ጋበዛችሁት ማለት ነው።

አጠቃቀሱን በተመለከተ፣ ከቃሉ በፊት ሰነዱን ይለዩ። የተፈረመበትን ቅጂ በእጅዎ ይያዙ፤ ኮምፒውተርዎ ላይ «የመጨረሻ» የሚል ስም ያለው ፋይል የተፈረመው ላይሆን ይችላል። ከዚያ ማሻሻያዎቹን፣ አባሪዎቹንና ልዩ ሁኔታዎቹን ሰብስበው የሚጠቅሱት ቁጥር በየትኛውም ቦታ ተነክቶ እንደሆነ ይፈልጉ። ሒሳብ ክፍልንም መጠየቅ አይርሱ። ውሉ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ልዩነት ሲፈጠር የበላይ የሚሆነው የቱ እንደሆነ ይዩና ከዚያው ይጥቀሱ፤ በበላዩ ቋንቋ ያለውን ቃል አስቀምጦ የራስዎን ትርጉም ከሥሩ፣ ትርጉም መሆኑን ገልጾ መጻፍ ይቻላል። ትርጉምን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብቶ የውሉ ቃል ማስመሰል ግን ነገር መጋበዝ ነው።

ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ንዑስ ክፍል ይውረዱ፤ ንዑስ አንቀጽ ካለው ንዑስ አንቀጹን፣ ፊደል ካለው ፊደሉን። በአማርኛ ውል ላይ ፊደሉ የራሱ ወጥመድ አለው። ዝርዝሩ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ ሲሄድ የመጀመሪያውና ሦስተኛው ሲነበቡ አንድ ድምፅ ናቸው። አለቃው በስልክ «12.2 ሀ ብለህ ጻፍ» ሲል የፈለገው ሐመሩን ይሁን ሃሌታውን ከድምፁ የሚያውቅ የለም። እኔ ከፊደሉ አጠገብ የይዘቱን ጥቂት ቃል አስከትላለሁ፦ «አንቀጽ 12.2(ሐ)፣ ተከታታይ ምርመራ አለማድረግ»። ፊደሉ ቢሳት ይዘቱ ያርመዋል፤ ልክ በጥር 12 እና 13 ጉዳይ እንደሆነው።

ቃሉን ሲገለብጡ እንዳለ ይገልብጡ። ውሉ «ሠራተኛ» የሚለውን «ሰራተኛ» ብሎ ከጻፈ አያርሙት፤ ግድፈት ካለበትም ይተዉት። በጥቅስ ምልክት መካከል ያለው የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም። ውጫዊው ምልክት « » ከሆነ ለውስጠኛው ጥቅስ ‹ › ይጠቀሙ፤ አለዚያ ጥቅሱ የት እንዳበቃ አይለይም። መቁረጥ ካለብዎት በሦስት ነጥብ ያሳዩ፤ ነገር ግን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ዋናውን ነገር መጨረሻው ላይ እንደሚያስቀምጥ አይርሱ። «ካልሆነ በስተቀር»፣ «ሲሆን ብቻ»፣ «ያላረመ እንደሆነ» የሚሉት ሁሉ ወደ ኋላ ነው የሚመጡት። መሐሉን ቆርጠው «መሠረታዊ ግዴታውን ያልፈጸመ እንደሆነ … ውሉን በጽሑፍ ወዲያውኑ ማቋረጥ ይችላል» ቢሉ ሰዋስዉ አልተነካም፤ የማስጠንቀቂያው ቅድመ ሁኔታ ግን ጠፍቷል። ተቀባዩ ሙሉውን አንቀጽ አጠገቡ አስቀምጦ ሲያነብ የቀረውን ደብዳቤዎንም በጥርጣሬ ያነባል። የማቋረጫ አንቀጽ ሦስት አራት መስመር ከሆነ ሙሉውን ይጻፉት።

የተሻሻለ አንቀጽ ሲሆንስ? በመዝገቡ ላይ 12.2 በወረቀቱ «በ21 ቀን» ይላል፤ ሕይወት ያለው ቁጥር ግን 30 ነው። 21 ብለው ከጻፉ የሞተውን ጠቀሱ፤ በጥቅሱ ውስጥ 30 ብለው ከጻፉ ደግሞ ዋናው ውል ላይ የሌለ ቃል አስገቡ። መፍትሔው የማዕዘን ቅንፍ ነው፤ የተተካውን በቅንፍ አስገብቶ የተተካበትን ሰነድ ስም መጥራት። ደብዳቤው በትክክል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ቀኑ ሚያዝያ 5፣ ቃሉም እንዲህ በሆነ ነበር፦

«ሰኔ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው የአሳንሰር ጥገና ውል አንቀጽ 12.2፣ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተፈረመው ማሻሻያ ቁጥር 1 እንደተሻሻለው፣ እንዲህ ይላል፦ ‹አንደኛው ወገን መሠረታዊ ግዴታውን ያልፈጸመ እንደሆነና ጉድለቱን የሚገልጽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ[30] ቀን ውስጥ ጉድለቱን ያላረመ እንደሆነ፣ ሌላው ወገን ውሉን በጽሑፍ ወዲያውኑ ማቋረጥ ይችላል።› ድርጅታችሁ በውሉ አንቀጽ 4.3 የተጣለበትን ወርኃዊ ምርመራ የማድረግ መሠረታዊ ግዴታ በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ወራት አልፈጸመም። ይህንኑ የሚገልጽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ደርሷችኋል። የተሰጠው 30 ቀን ሚያዝያ 3 ቀን ያበቃ ሲሆን ጉድለቱ እስከዚያ ቀን አልታረመም። ስለሆነም በአንቀጽ 12.2 መሠረት ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጊዜ ጀምሮ ውሉን አቋርጠናል።»

ከጥቅሱ በኋላ የመጡት ዓረፍተ ነገሮች የአንቀጹን ቃላት በቅደም ተከተል እንደሚከተሉ ያስተውሉ፦ መሠረታዊ ግዴታ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ መድረሱ፣ 30 ቀኑ፣ አለመታረሙ። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ፍሬ ነገር ቀርቧል። ውሉ «ማስጠንቀቂያ» ካለ እርስዎ «ማሳሰቢያ» አይበሉ፤ «ጉድለት» ካለ «ችግር» አይበሉ። ድርሰት ላይ ቃል መደጋገም ያሰለቻል፤ እዚህ ግን ቃል መለዋወጥ «ይህ ሌላ ነገር ይሆን እንዴ?» የሚል ክርክር ይከፍታል። የቀን ቆጠራውንም ከውሉ ትርጓሜ ክፍል ጋር ያስተያዩ፤ «ቀን» ማለት የሥራ ቀን ነው የሚል ትርጓሜ ካለ 30ው ወደ ስድስት ሳምንት ይዘረጋል።

ፊርማ ከመሰፈሩ በፊት አንድ ሰው የተፈረመውን ውል ይዞ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው በደብዳቤው ላይ ያለውን ጥቅስ በጣቱ እየተከተለ ይመልከት። ከስካን የተገለበጠ ጽሑፍ ሲሆን ይህ የግድ ነው፤ ኮምፒውተር ከደበዘዘ ወረቀት ሲያነብ 21ን 27፣ «ሰ»ን «ስ» እያደረገ ያስቀምጣል፤ ዓይን ደግሞ የሚጠብቀውን ነው የሚያየው። ደብዳቤው ከወጣ በኋላ ግድፈት ካገኛችሁ ዝም አትበሉ፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቀንና ቁጥር ጠቅሳችሁ «አንቀጽ 12.3 ተብሎ የተጻፈው 12.2 ተብሎ ይነበብ» የሚል ማረሚያ በዚያው ቀን ላኩ።

ለሥራ አስኪያጅዎ ደግሞ ረቂቁን ብቻ ይዘው አይግቡ። የማቋረጫውን አንቀጽ ገጽ፣ ማሻሻያ ካለ የማሻሻያውን ገጽ፣ የማስጠንቀቂያውንም የደረሰበት ፊርማ ያለበት ቅጂ ከሥሩ አያይዘው ያቅርቡላቸው። እነዚያው ገጾች ደብዳቤው ሲወጣ አባሪ ይሆናሉ።